«የማን አባት ነው?» ስለ ሞተ ሰው ስንጽፍ ጽሑፉ ለምን የማንም ይሆናል?

ሐረጎ ቁልቁል (ኮምቦልቻ)፣ እሑድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቶ መጣሁ።

አባቴ ጥቅምት ላይ አረፈ። 22 ዓመት ሙሉ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። አርባው ሲወጣ አንድ ገጽ ጽፌ ድንኳን ውስጥ አነበብኩ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። አክስቴ መስማት አቅቷት ተነስታ ወጣች። በልቤ «ጥሩ ጽፌያለሁ» አልኩ።

ሰው ሲበተን መናኸሪያ በር ላይ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ጠጋ አሉኝ። አባቴ ዘመኑን ሙሉ ቡና የሚጠጣው እሳቸው ጋ ነው። «ልጄ፣ አነባበብሽ ያምራል። ግን የማን አባት ነው?» አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺ ጥያቄ አልለቀቀችኝም።

በሚቀጥለው ወር ደሴ አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ እንዳነብ ተጋብዣለሁ። ያንኑ ጽሑፍ ይዤ መሄድ አልፈለግኩም። አንዱን አንቀጽ ልለጥፈው፤ ሳታዝኑልኝ ንገሩኝ።

«አባቴ ሆይ! አንተ ከሄድክ ወዲህ ዓለም ጨለመችብኝ። ቤቱ ባዶ ሆነብን። ጥላችን፣ ዋርካችን ነበርክ፤ ዋርካው ወደቀብን። ልቤ ተሰበረ፣ እንባዬ እንደ ቦርከና ወንዝ ፈሰሰ። ሞት ሆይ፣ ምነው ጨከንክብን? ደጉ፣ ሩህሩሁ፣ ሰው አክባሪው አባቴ፣ ምነው ሳልጠግብህ ተለየኸኝ? ግን አልሞትክም። በልባችን ውስጥ ለዘላለም ትኖራለህ።»

---

ኑሩ ዘሙጋድ (ደሴ)

አብሽሪ እህቴ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ሁላችንም ሂያጆች ነን። ጊዜ የማያሽረው ቁስል የለም። ጠንከር በይ፣ እናትሽን አጽናኚ።

---

ጦሳ ስር (ደሴ)

ኑሩ ወንድሜ፣ ልጅቷ ከእንዲህ ዓይነት ቃል እንዴት እንደምታመልጥ ጠይቃ አንተ ስድስቱን ደርድረህላት ሄድክ 😂

ወደ ቁም ነገሩ። መፍትሔው ቀላል ነው። ስሜት የሚባለውን ነገር በሙሉ አውጪው። ልብ፣ እንባ፣ ጨለማ፣ ዋርካ፣ ሁሉም ይውጣ። «ደግ» የሚባል ቅጽል እንዳላይ። የሆነውን ብቻ ጻፊ። በዚህ ቀን ታመመ፣ በዚህ ቀን ሐኪም ቤት ገባ፣ በዚህ ሰዓት አረፈ። አንባቢው ራሱ ያለቅሳል። ችግራችን የታወቀ ነው፤ አምባሰልና ባቲ የዜማ ቅኝት ስም የሆኑበት አገር ተወልደን እንዴት አናላዝን?

ደግሞ ቦርከናን ግንቦት ላይ አይተሽዋል? እንባዬ እንደ ቦርከና ካልሽ ብዙም አላለቀስሽም ማለት ነው።

---

ቀይ እስክሪብቶ (ደሴ)

ልጄ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ድርሰት ሳርም ነው ያረጀሁት። ቡና አፍዪዋ እናት ከእኔ የተሻሉ አራሚ ናቸው፤ ጥያቄያቸው ራሱ መፈተኛ ነው። አንቀጽሽን ለጎረቤትሽ ስጪው። አባቱ ነጋዴ የነበረ፣ ወይም ገበሬ የነበረ፣ ምንም ሳይለውጥ በራሱ አባት ቀብር ላይ ማንበብ ከቻለ ጽሑፉ ያንቺ አይደለም። ያንቺን ሞከርኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእኔም አባት ይሆናል። አባቴ መኪና ነድተው አያውቁም።

ጦሳ ስር ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆሟል። እሱ ባለው መንገድ ብትጽፊው የትራፊክ ሪፖርት ነው የሚሆነው። ሕመም፣ ሐኪም ቤት፣ ሰዓት ማለትም እኮ የሁሉም ሰው ነው። ሰው ሲሞት ይመሳሰላል። የሚለያየው ሲኖር ነው።

ከቃላቱ ይልቅ ግን አንድ ሌላ ነገር ላሳይሽ። ቋንቋችን ለብቻዋ የምታለቅስ አንዲት ቅጥያ አለችው፤ «ብኝ»። «ወተቱ ገነፈለ» ካልሽ ወሬ ነው። «ወተቱ ገነፈለብኝ» ካልሽ ስሞታ ነው። ጉዳቱ እኔ ላይ ነው የደረሰው ማለትሽ ነው። በዚህች አጭር አንቀጽ ውስጥ «ብኝ» እና «ብን» አራት ጊዜ አሉ። ጨለመችብኝ፣ ሆነብን፣ ወደቀብን፣ ጨከንክብን። አንባቢው ስለ አባትሽ አንድ ነገር ሳያውቅ አራት ጊዜ ተበደልኩ ብለሽዋል። ያልቅስልሽ ይሆናል፤ ግን የሚያለቅሰው ለአንቺ ነው። አባትሽ ገና አልገቡም።

«ብኝ» ትጥፋ አላልኩም። ሰው አባቴ ሞተብኝ ቢል ልክ ነው፤ እንዲህ ነው የሚባለው። ጽሑፍ ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያለሽ መስሎሽ ያዣት። ደግሞ ሞት ላይ አታውያት፤ ሞት እሷን አይፈልግም። ትንሽ ነገር ላይ አኑሪያት።

አሁን ጽሑፉን ተይውና ሦስት ጥያቄ መልሺልኝ። ማንም ሾፌር የማያደርገው፣ እሳቸው ግን የሚያደርጉት ምን ነበር? ከሞቱ በኋላ የት እንደሚቀመጥ ያላወቃችሁት ዕቃ አለ? ምናቸው ያናድድሽ ነበር?

---

የእድር ጸሐፊ (ኮምቦልቻ)

እኔ የምጠላውን ነገር ልንገራችሁ። ከተማ የተማረ ሰው መጥቶ የለቅሶ ቃል ያረጀ ነው ሲል። እድራችን ውስጥ የሟች የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰው ሌሊት ያርፋል፣ ጠዋት ይደወልልኛል፣ ቀብሩ 9 ሰዓት ነው። ቤተሰቡ ያለቅሳል። የትውልድ ዘመኑን አንዱ 47 ይላል፣ አንዱ 49 ይላል። ግቢ ውስጥ ኩርሲ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ። በትዳር ዓለም የአምስት ልጆች አባት። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው።» ይህ ቅርጽ ባይኖር ብዙ ሰው ታሪኩ ሳይነበብ ይቀበር ነበር።

«እግዜር ያጥናችሁ»ም እንደዚያው ነው። ድንኳን የገባ ሰው አዲስ ነገር እንዲናገር አይጠበቅበትም። ቃሉን ብሎ ቁጭ ይላል። መምጣቱ ነው ቁም ነገሩ።

እርግጥ «ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ» የሚለውን አረፍተ ነገር ለለየለት ቆንቋናም ጽፌያለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲተያይ አይቻለሁ። ምን ላድርግ?

---

ቀይ እስክሪብቶ

ጋሽ ጸሐፊ፣ አልተጣላንም። ድንኳን ውስጥ ያለው ቃል ሥራ ነው፤ ድንኳን እንደመትከል፣ ወንበር እንደመደርደር። እኔም ስሄድ «እግዜር ያጥናችሁ» ነው የምለው። የልጅቷ ወረቀት ግን ድንኳን አይደለም። አንባቢው ቤቱ ቁጭ ብሏል፤ አባቷንም አያውቃቸውም። መጽናናት ሳይሆን መተዋወቅ ነው የሚፈልገው።

ያ ቃል ወረቀት ላይም መግባት ይችላል እኮ። ግን ከሰው አፍ ይውጣ እንጂ ከጸሐፊዋ አይውጣ። ማን ነው ያለው? ሲልስ በእጁ ምን ይዞ ነበር? «ጠንከር በይ» ያለሽ ሰው ዓይኑ ስልኩ ላይ ከነበረ፣ ወይ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ከነበረ፣ ያረጀው ቃል አዲስ ይሆናል።

---

ዘውዴ ነኝ (ደሴ፣ ሮቢት)

ስለ ሙሾ ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ። እኛ ስሜታዊነትን ከአያቶቻችን የወረስን ይመስለናል። ውሸት ነው። አያቴ አምባሰል ውስጥ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሙሾ ከማውረዷ በፊት ቤተሰቡን ጥግ ይዛ ትጠይቃለች። በሬው ስንት ነው? የቱን ይወድ ነበር? ማንን ሊድር ነበር? ምን ጀምሮ ቀረ? ሳታውቅ አፏን አትከፍትም። ለገዛ ወንድሟ ያወረደችውን እናቴ እስከ ዛሬ ትለዋለች።

በሬው ደጅ ቆሟል ቀንበር ሊጠመድ፤
ጅራፍ ተሰቅሏል ማን ይዞት ይውረድ።

እንባ አለው? የለውም። ልብ አለው? የለውም። በሬ፣ ቀንበር፣ ጅራፍ። ሟቹ ራሱ እንኳ አልተጠራም። «ወየው»ውን የሚጨምሩት ተቀባዮቹ ናቸው። እኛ ግጥሙን ጥለን ወየውታውን ብቻ ይዘን ቀረን።

---

ቀይ እስክሪብቶ

ዘውዴ፣ ይህን ክፍል ውስጥ ብታነቢልኝ ኖሮ አንድ ሴሚስተር እቆጥብ ነበር።

---

ሐረጎ ቁልቁል

አመሰግናለሁ ጋሼ። ሌሊት ቁጭ ብዬ ለጥያቄዎቹ መልስ ጻፍኩ። ሳላሳምር ልለጥፈው።

አንደኛ። ሐረጎ ላይ ሬዲዮ አይከፍትም። ሾፌር ሁሉ ሙዚቃ ያስጮሃል፤ እሱ ከደሴ ሲወርድ ገና መጀመሪያው ጥምዝ ላይ ያጠፋዋል። «እዚህ ላይ የሚሰማው ሞተሩ ነው» ይላል። እንቅልፍ የወሰደው ሁሉ በጸጥታው ይነቃል።

ሁለተኛ። የራዲያተር ውሃ የሚይዝበት ቢጫ ጀሪካን። መኪናውን ታኅሣሥ ላይ ስንሸጠው አብሮ ሳይሄድ ቀረ። እናቴ ውሃ ልትይዝበት አልፈለገችም፤ ልትጥለውም አልፈለገችም። እስከ ዛሬ በሩ ጀርባ ነው።

ሦስተኛው ከበደኝ። እዚሁ ኮምቦልቻ ውስጥ ብቻዬን ቤት ተከራይቼ ስወጣ 8 ወር አላናገረኝም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ክላክስ አድርጎልኝ ያልፋል፤ አይቆምም። ታርቀን ዓመት ሳይሞላን ነው የሞተው። ይህን ግን አልጽፍም። ሙት ወቃሽ አልሆንም።

---

ኑሩ ዘሙጋድ

ጥያቄውን ሳልረዳ በመግባቴ አፉ በሉኝ። እኔ መጻፍ አልችልም። ግን ጀሪካኑን ሳነብ የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ።

እናቴ ከጎረቤታችን ጋር በቦኖ ወረፋ ተጣልተው 4 ዓመት አልተነጋገሩም። ሰላምታ እንኳ የለም። እናቴ ሞታ የሰደቃው ቀን ያቺ ጎረቤት መጣች። ማንንም ሰላም አላለችም። ጓዳ ገብታ እጅጌዋን ሰብስባ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ሰው ሲመጣ፣ ሲበላ፣ ሲሄድ እሷ ታጥባለች። መግሪብ ሲደርስ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች። ይኸው ነው። እንዴት አድርጌ ላሳምረው?

---

ቀይ እስክሪብቶ

አታሳምረው! አንድ ቃል ብትጨምር እጅህን እመታሃለሁ። መጻፍ አልችልም ያልከው አንተ ነህ?

---

ጦሳ ስር

ኑሩ ጉድ ሠራኸን።

ይሁን፣ ተሸንፌያለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨቃጨቅ። ሐረጎ እህቴ፣ «አይከፍትም»፣ «ይላል»፣ «ያጠፋዋል» እያልሽ ነው የጻፍሽው። አባትሽ የሉም። «አይከፍትም ነበር»፣ «ይል ነበር» መባል አለበት። ይህ እንኳ የሰዋስው ጉዳይ ነው።

---

ቀይ እስክሪብቶ

እንኳን ጠየቅክ። ሰዋስው አይከለክላትም። ሰው የሟችን ጠባይ ሲያወራ «ይላል» የሚለው ገና ስላልለመደ ነው። እሷ ሳታውቀው ነው የጻፈችው፤ ለዚህ ነው ደግሞ ልክ የሆነው። «ነበር» እያንዳንዱ አረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ከገባ ጽሑፉ በየመስመሩ ቀብር ይሆናል። አምስት ጊዜ ከተቀበሩ በኋላ ስድስተኛው አይሰማም። ስለዚህ «ነበር»ን መኪናው እስኪሸጥ ድረስ አታስገቢው።

ስለ 8 ወሩ ቀጥዬ እጽፋለሁ። አሁን ሂጂና ጻፊው፣ ልጄ። «አባቴ ሆይ» ብለሽ ለሟቹ አታውሪ። እሳቸው ሬዲዮውን እንደማይከፍቱ ያውቃሉ። ለማያውቃቸው ሰው ንገሪ።

---

ሐረጎ ቁልቁል፣ ሐሙስ

ጻፍኩት። የካቲት ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

«አባቴ ሐረጎ ላይ ሬዲዮ አይከፍትም። ተሳፋሪ ቢለምነውም አይከፍትም። ‹እዚህ ላይ የሚሰማው ሞተሩ ነው› ይላል። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወርደው። ከኋላ ያሉት ክላክስ ያደርጋሉ። እሱ ‹ይለፉ፣ ኮምቦልቻ አትሸሽም› ይላል። ቡና አንድ ስኒ ብቻ ይጠጣል፤ ሽንት መጣብኝ ብሎ መንገድ ላይ መቆም አይወድም። ስልኩ ላይ ስሜን ‹መምህርት› ብሎ ነው የያዘው። ስደውልለት ‹አቤት መምህርት፣ ምን አጠፋሁ?› ይላል። ከፊት ያለውን ወንበር ሰው ቢሞላም ይይዝልኛል።

መኪናው ታኅሣሥ ላይ ተሸጠ። የካቲት ላይ ለጉዳይ ደሴ ሄጄ ስመለስ መናኸሪያ ውስጥ አየሁት። ረዳቱ ‹ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው!› ይላል። የቀረው ከኋላ ነው። ገባሁ። ዳሽቦርዱ ላይ የነበረው የመድኃኔዓለም ሥዕል ተነስቷል፤ የማጣበቂያው አራት ማዕዘን ግን አለ። ጉም ነበር። መጀመሪያው ጥምዝ ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፈተ። ጮኸብኝ። ቀኝ እግሬ ወለሉን ረግጦ አገኘሁት። ፍሬን እየያዝኩ ነበር። ማንም አላየኝም። ኮምቦልቻ ስንገባ ረዳቱ ‹ሂሳብ› አለኝ። በዚያ መኪና ተሳፍሬ ሂሳብ ስከፍል የመጀመሪያዬ ነበር። ሞት ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። አባዬ፣ አንተ ግን ዛሬም በልቤ መንገድ ላይ ትነዳለህ።»

---

ዘውዴ ነኝ

እግሯ ፍሬን ስትይዝ ያለችበት ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኔም እግሬን ረገጥኩ።

---

ጦሳ ስር

የመጨረሻዎቹ ሁለት አረፍተ ነገሮች ከድሮው ጽሑፍ አምልጠው ነው የመጡት። በእኔ በኩል ይውጡ።

---

ቀይ እስክሪብቶ

ጦሳ ስር አሁን ሙሉ መንገድ ሄደ። ይውጡ። ለምን እንደመጡ ግን ልንገርሽ፤ ሌላ ጊዜም ይመጣሉና። ሂሳቡን ከከፈልሽ በኋላ ፈራሽ። አንባቢው ያልገባው መሰለሽ። ወይም አዝኖ እንዳይቀር ልትሸኚው ፈለግሽ፤ ለቅሶ ቤት እንግዳ ሸኝተን ነው የለመድነው። እኔ ተማሪ ሳርም ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን አረፍተ ነገር በእጄ ሸፍኜ አነብ ነበር። ሳይኖር ከተሻለ አወጣዋለሁ። ከዚያ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን እሸፍናለሁ። ያንቺን ስሸፍን «የመጀመሪያዬ ነበር» ላይ እጄ ቆመ። ከእሱ በላይ ብሄድ ጽሑፉ ይጎዳል።

«ብኝ»ን ልብ ብዬ አየሁ። «ሽንት መጣብኝ» የአባትሽ ስለሆነች አትቆጠርም፤ እንዲያውም ታስቃለች። ያንቺ አንዲት ናት፤ «ጮኸብኝ»። አባትሽ ሞቱብኝ አላልሽም፤ ሬዲዮ ጮኸብኝ ነው ያልሽው። አንባቢው ግን የትኛው እንደጮኸብሽ ያውቃል። ከላይ ደግሞ «ይይዝልኛል» አለች። እሷን አስበሽበት ነው ወይስ እጅሽ ነው የጻፋት? እሳቸው ሲኖሩ ወንበር «ይይዝልኛል»፤ እሳቸው ሲሄዱ ከኋላ ተቀመጥሽ። ስለ ወንበሩ ምንም ማብራሪያ አትጨምሪ።

«ጉም ነበር» ትንሽ ታጠራጥረኛለች። የደሴ ሰው ስንጽፍ ሲከፋን ጉም እናወርዳለን። በእውነት ጉም ከነበረ ተያት።

---

ሐረጎ ቁልቁል

በእውነት ነበር ጋሼ! የካቲት ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ የፊት መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው።

---

ቀይ እስክሪብቶ

እንግዲያው መብራቱን ጻፊ፣ ጉሙን ተይው።

አሁን 8 ወሩ። ያለ እሱ ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን አባትሽ ትንሽ በዝቶ ተወደዱ። ሬዲዮ አጥፊ፣ ቀልደኛ፣ ጥንቁቅ። ክላክስ አድርገው የሚያልፉት ሰውዬ ቢገቡ ነው ሙሉ የሚሆኑት። አንዲት አረፍተ ነገር ትበቃለች። «ቤት ስከራይ 8 ወር አላናገረኝም፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ግን ክላክስ ያደርግልኛል።» ወቀሳ የለውም።

---

የእድር ጸሐፊ

እዚህ ላይ አልስማማም። ሰውዬው መልስ መስጠት አይችልም። የቤቱን ጉዳይ በእሱ በኩል ማን ይናገርለት? ደሴ አዳራሽ ውስጥ የማያውቀው ሰው ሁሉ ልጁን ያኮረፈ አባት ብሎ ይዞት ይሄዳል። እናትየዋስ? እናትየው ፈቅደዋል? ሙት አይወቀስም ያሉት አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። በሕይወት ላለው ጎረቤት ሲሉም ነው።

---

ዘውዴ ነኝ

ጋሽ ጸሐፊ፣ እርስዎ ራስዎ ለቆንቋናው «ለተቸገረ ደራሽ» ሲጽፉ ሰው ተያየ አላሉም? ያ ሰው በዚያች ደቂቃ ሁለተኛ ሞተ እኮ። ማንም ያላመነው ታሪክ ተነበበለት። አንድ እውነተኛ ጉድለቱን ቢጨምሩለት ኖሮ ሰው ስቆ ያለቅስለት ነበር።

---

የእድር ጸሐፊ

አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። አንድ ቆርቆሮ መቺ ነበሩ። «የጀመሩትን ሥራ በቀጠሮው ቀን አስረክበው አያውቁም» ብዬ አስገባሁ። ሰው ሳቀ፤ ሚስትየዋም ሳቁ፤ ቀጥሎ ሁሉም አለቀሰ። ልጅየው ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ስለዚህ እኔ የማውቀው ሁለቱንም ነው።

---

ኑሩ ዘሙጋድ

እኔ የእናቴንና የጎረቤቷን ጠብ ባላወራ ሳህኑ ትርጉም አይኖረውም ነበር። ግን ጠቡን ማን ጀመረው ብትሉኝ አልናገርም። እናቴ ናት 😅

---

ጦሳ ስር

ተናገርክ እኮ።

---

ሐረጎ ቁልቁል፣ ቅዳሜ

ለእናቴ የ8 ወሩን አረፍተ ነገር አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ «ክላክሱን ሲያደርግልሽ ማታ መጥቶ ይነግረኝ ነበር፤ ዛሬ ዣንጥላ ይዛለች፣ ዛሬ ከስታለች ይለኛል» አለችኝ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ይግባ ወይስ አይግባ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። እስከ ምሽቱ ድረስ አስብበታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ መናኸሪያ ሄጄ ለቡና አፍዪዋ አነበብኩላቸው። ድሮ የጠየቁኝን ትዝ ይበላቸው አይበላቸው እንጃ። ሲኒ እያጠቡ ሰሙኝ። መሃል ላይ አስቆሙኝ። «ምን አልሽ? አንድ ስኒ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው፤ መንገድ ላይ መቆም ስለማይወድ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ? እሱ ነው የነገረሽ? ውሸቱን ነው! አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ሳይጠጣ ተነስቶ አያውቅም። ሐረጎ ላይ ከዚያች ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ሁልጊዜ ይቆማል። ረዳቱን ጠይቂ!» ብለው ተቆጡኝ።

አሁን ቡናውን ላርመው ወይስ እንዳለ ልተወው?

---

ዘውዴ ነኝ

እሳቸው ያሉሽን እንዳለ አስገቢው፤ ቁጣቸውንም ጭምር።

---

ጦሳ ስር

ድንጋዩን አውቀዋለሁ። ሾፌር ሁሉ እዚያ ነው የሚቆመው።